ከግኝቶቹ ስንቱ ሐሰት ነው? ሺህ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ1992 ኖይሃውስ የተባለ የልብ ሐኪምና ባልደረቦቹ የአንድ ክሊኒካዊ ሙከራ ውጤት ይፋ አደረጉ። በልባቸው የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ለድንገተኛ ሕመም የተዳረጉ 421 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ አልቴፕላስ፣ ገሚሶቹ ደግሞ አኒስትሬፕላስ የተባለውን የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ወስደው ነበር። ተመራማሪዎቹ ያነጻጸሩት አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ከሕክምናው በኋላ የሚከሰቱ የልብና ሌሎች ችግሮችን በሚመለከተው ክፍል ብቻ 15 ንጽጽሮች ነበሩ። የደም መፍሰስ፣ የአለርጂ መቆጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞት ከእነዚህ ውስጥ ይገኙበታል።

የሞቱ ንጽጽር ያስገኘው የፒ ዋጋ 0.0095 ነበር። ይህ ማለት በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል በእውነት ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ የታየውን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊታይ የሚችለው ከሺህ ጊዜ አሥር ጊዜ እንኳ በማይሞላ ነው። ጥያቄው ብቻውን ቢቀርብ ኖሮ አብዛኛው ሐኪም ማስረጃውን ለመቀበል አያመነታም ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ብቻውን አልቀረበም፤ ከ14 ሌሎች ጥያቄዎች ጋር ቀረበ። በዘመኑ ጥብቅ ተብሎ በሚታወቀው የስታቲስቲክስ ሥርዓት ሲመዘን ደግሞ የሞቱ ልዩነት እንዳልተረጋገጠ ተቆጥሮ ወደ ጎን ይቀር ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ሠንጠረዥ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ጽሑፍ ውስጥ ምሳሌ ሆኖ ተመለሰ። ዮአቭ ቢንያሚኒና ዮሴፍ ሆክበርግ ሠንጠረዡን የመረጡት ስለ ልብ ሕክምና ለመከራከር አልነበረም። ብዙ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሲጠየቁ ሳይንስ የሚፈራው ስሕተት በትክክል የቱ መሆን እንዳለበት እንደገና ለመጠየቅ ነበር።

የቀድሞው ጥብቅ ሥርዓት

ችግሩ የሚመነጨው ከቀላል ስሌት ነው። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ የ5 በመቶን ወሰን የተለመደ መለኪያ አድርጎ ካስፋፋው ወዲህ፣ የፒ ዋጋው ከ0.05 ያነሰ ውጤት «ጉልህ» መባል ልማድ ሆነ። ለአንድ ጥያቄ ይህ ወሰን የሚያስከትለው አደጋ ይታወቃል፤ ልዩነት በሌለበት ከ20 ጊዜ አንዱን ልዩነት አለ ብሎ መሳሳት ነው። በ15 ጥያቄዎች ላይ ግን፣ ሁሉም ባዶ ቢሆኑና አንዳቸው ከሌላቸው ነጻ ቢሆኑ፣ ቢያንስ አንዱ በሐሰት «ጉልህ» ሆኖ የመገኘቱ ዕድል 54 በመቶ ይደርሳል። ጥያቄዎቹ ሺህ ሲሆኑ ደግሞ 50 ያህል ሐሰተኛ ግኝቶች ይጠበቃሉ።

ለዚህ የተሰጠው የመጀመሪያ መድኃኒት በጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ በካርሎ ኤሚሊዮ ቦንፌሮኒ ስም ይጠራል። አሠራሩ ወሰኑን በጥያቄዎቹ ብዛት ማካፈል ነው። ለ15 ጥያቄዎች 0.05 ሲካፈል 0.0033 ይሆናል፤ የፒ ዋጋው ከዚህ የማይበልጥ ብቻ ያልፋል። ይህ አሠራር የሚሰጠው ዋስትና ግልጽ ነው፦ ከጠቅላላው ዝርዝር ውስጥ አንድ ሐሰተኛ ግኝት እንኳ የመግባቱ ዕድል ከ5 በመቶ አይበልጥም። ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ምንም ዓይነት ትስስር ቢኖራቸው ዋስትናው አይፈርስም።

ዋጋው ግን ውድ ነው። በልብ ሕመሙ ሙከራ ይህን ወንፊት ያለፉት ሦስት ንጽጽሮች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የአለርጂ መቆጣትን፣ ሁለቱ የደም መፍሰስን የሚመለከቱ። 0.0095 ከ0.0033 ስለሚበልጥ የሞቱ ንጽጽር ወደቀ። እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር ይታያል። ስለ ሞት የተሰበሰበው ማስረጃ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠገቡ የተቀመጡት ጥያቄዎች ብዛት ነው። ተመራማሪዎቹ ጥቂት ነገር ብቻ ቢለኩ ኖሮ ያው ማስረጃ ያልፍ ነበር። ብዙ መጠየቅ ያስቀጣል፤ ቅጣቱም ከጥያቄዎቹ ቁጥር ጋር እኩል ያድጋል።

ከዚህ የተነሳ በርካታ ተመራማሪዎች ማስተካከያውን ጨርሶ መተውን መረጡ። በሕክምና መጽሔቶች ላይ ደርዘን ንጽጽሮች ያለ ምንም ማስተካከያ ቀርበው ጉልህ የሆኑት ብቻ በማጠቃለያው መጠቀሳቸው የተለመደ ሆነ። ምርጫው በጣም ጥብቅ በሆነ ሥርዓትና በፍጹም ልቅነት መካከል የተወሰነ ይመስል ነበር።

ጥያቄው ሲለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1989 ብራንኮ ሶሪች የተባለ ጸሐፊ «ስታቲስቲካዊ ግኝት» የሚለውን አነጋገር ተጠቅሞ፣ ከእነዚህ ግኝቶች ብዙው ክፍል ስሕተት ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። ቢንያሚኒና ሆክበርግ ማስጠንቀቂያውን ወደ ግብ ለወጡት። ከግኝቶቹ መካከል የሐሰቶቹ ድርሻ የሚያሳስብ ከሆነ፣ ያንኑ ድርሻ በቀጥታ መቆጣጠር ለምን አይቻልም?

ሐሳቡን «የሐሰት ግኝት ምጣኔ» አሉት። አንድ ተመራማሪ ግኝት ብሎ ያወጃቸውን ሁሉ ይቁጠር፤ ከእነርሱ ውስጥ በእውነቱ ባዶ የሆኑትን ድርሻ ይውሰድ፤ ምንም ግኝት ካልታወጀ ድርሻው ዜሮ ይባላል። የዚህ ድርሻ የረጅም ጊዜ አማካይ ነው የሚገደበው። ቦንፌሮኒ «አንድም ሐሰት እንዳይገባ» ሲል፣ አዲሱ መለኪያ «ከገቡት ውስጥ በአማካይ ከ5 በመቶ በላይ ሐሰት እንዳይሆን» ይላል። ሁሉም ጥያቄዎች ባዶ በሆኑበት ጊዜ ማንኛውም ግኝት ሐሰት ስለሆነ ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ይሆናሉ። እውነተኛ ግኝቶች እየበዙ ሲሄዱ ግን አዲሱ መለኪያ ጥቂት ስሕተትን ይታገሣል፤ በምላሹም ብዙ እውነት እንዲያልፍ በር ይከፍታል።

የሚያስገርመው፣ ይህን ግብ የሚያሟላው የስሌት ደንብ አዲስ አለመሆኑ ነው። ሲገር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤክሉንድ የተባለ ሰው ያቀረበውን ተመሳሳይ አሠራር መርምሮት ነበር። በ1986 ደግሞ ሳይምስ ያንኑ ስሌት «ሁሉም ጥያቄዎች ባዶ ናቸው ወይ?» ለሚለው አንድ ጥያቄ መፈተኛ አደረገው። ነገር ግን ሆመል በ1988 እንዳሳየው፣ ደንቡ እያንዳንዱን ግኝት ለይቶ ለማወጅ ሲውል የቀድሞውን ጥብቅ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ በዚያ ሚዛን ተለክቶ ጎዶሎ ተባለ። ስሌቱ የታወቀ ነበር፤ የጎደለው ስሌቱ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር። አዲሱ አስተሳሰብም በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ቢንያሚኒ ራሱ ኋላ እንደተረከው፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ እስኪወጣ ድረስ አምስት ዓመታትና ሦስት መጽሔቶች አስፈልገዋል።

ደንቡ ሲሠራ

አሠራሩን ለመረዳት ወደ ልብ ሕመሙ ሠንጠረዥ መመለስ ይበቃል። የ15ቱ ንጽጽሮች የፒ ዋጋዎች ከትንሹ ጀምረው ሲደረደሩ እንዲህ ይሆናሉ፦ 0.0001፣ 0.0004፣ 0.0019፣ 0.0095፣ 0.0201፣ 0.0278፣ 0.0298፣ 0.0344፣ 0.0459፤ ቀሪዎቹ ስድስቱ ሁሉ ከ0.3 በላይ ናቸው።

አሁን ወሰኑን 0.0459 ላይ እናድርገው እንበል። ዘጠኝ ግኝቶች ይኖራሉ። አሥራ አምስቱም ጥያቄዎች ባዶ ቢሆኑ በዚህ ወሰን ስር በአጋጣሚ የሚገቡት በአማካይ 15 ጊዜ 0.0459፣ ማለትም 0.69 ያህል ናቸው። 0.69 ለዘጠኝ ሲካፈል 7.65 በመቶ ይሆናል፤ ከተፈቀደው 5 በመቶ በላይ ነው። አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርደን ወሰኑን 0.0344 ስናደርገው ስምንት ግኝቶችና 6.45 በመቶ እናገኛለን፤ ይህም አይበቃም። በ0.0298፣ በ0.0278 እና በ0.0201 ላይ ስሌቱ በየተራ 6.4፣ 6.95 እና 6.03 በመቶ ይሰጣል። ወደ አራተኛው ስንደርስ 15 ጊዜ 0.0095 ለአራት ሲካፈል 3.6 በመቶ ይሆናል። እዚህ ይቆማል። አራቱ ትንንሽ ዋጋዎች ያሏቸው ንጽጽሮች ግኝት ተብለው ይታወጃሉ፤ አራተኛው ደግሞ የሞቱ ንጽጽር ነው።

ስሌቱ ሁሉም ጥያቄዎች ባዶ እንደሆኑ አድርጎ ሐሰቶቹን መቁጠሩ ወደ ጥንቃቄ ያዘነብላል፤ በእውነት ባዶ የሆኑት ከጠቅላላው ስለማይበልጡ። ሌላው የደንቡ ጠባይ ወሰኑ አስቀድሞ ያልተቆረጠ መሆኑ ነው። መረጃው ራሱ ወሰኑን ያበጃል። ብዙ ጠንካራ ማስረጃዎች ካሉ ወሰኑ ይላላል፤ ከሌሉ ወደ ቦንፌሮኒ ጥብቀት ይመለሳል።

ከአሥራ አምስት ወደ ሺዎች

ጽሑፉ በታተመበት ጊዜ አሥራ አምስት ጥያቄ ብዙ ነበር። ወዲያው ግን የጂን እንቅስቃሴን በአንድ ጊዜ የሚለኩ ማይክሮአሬይ የተባሉ መሣሪያዎች መጡ። ጥያቄው በአንድ ጊዜ በሺዎች ሆነ፤ የተመራማሪውም ፍላጎት ተለወጠ። የጂን ተመራማሪ የሚፈልገው እያንዳንዱ የማይናወጥ የሆነ ዝርዝር ሳይሆን፣ በቤተ ሙከራ ተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ሊያጠፋበት የሚገባ የተስፋ ዝርዝር ነው። ከመቶ አምስቱ ባዶ ቢወጡ ይችለዋል፤ ግማሹ ባዶ ቢወጡ ግን ዓመታት ይባክናሉ።

ጆን ስቶሪና ሮበርት ቲብሺራኒ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ትንተና ይህን በቁጥር ያሳያል። በዘር በሚተላለፍ የጡት ካንሰር ላይ ከተደረገ ጥናት 3,170 ጂኖችን ወስደው፣ የBRCA1 እና የBRCA2 ለውጥ ባላቸው ዕጢዎች መካከል የትኞቹ ጂኖች በተለያየ መጠን እንደሚሠሩ መረመሩ። ያለ ማስተካከያ የ0.05 ወሰን ቢጠቀሙ፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 158 ያህል ጂኖች በአጋጣሚ ጉልህ ይባሉ ነበር። በቦንፌሮኒ መንገድ ደግሞ የሚፈቀደው የፒ ዋጋ 0.000016 ገደማ ይሆናል፤ በጣት በሚቆጠሩ ዕጢዎች ላይ ለተመሠረተ ጥናት ይህ ጠባብ በር ነው።

እነርሱ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ወሰዱ። በእውነት ባዶ የሆነ ጥያቄ የፒ ዋጋው ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ስፋት ላይ በእኩል ዕድል ይወድቃል። ስለዚህ ወደ አንድ በሚጠጋው የሠንጠረዡ ጫፍ የሚታየው ጠፍጣፋ ክምር የሚሠራው በባዶዎቹ ነው ማለት ይቻላል፤ ከቁመቱም የባዶዎቹን ጠቅላላ ድርሻ መገመት ይቻላል። በዚህ መረጃ ውስጥ ግምቱ 67 በመቶ ሆነ። በዚህ ተስተካክሎ በ5 በመቶ ምጣኔ የወጣው ዝርዝር 160 ጂኖች ነበሩት፤ ከእነርሱ ስምንት ያህሉ ሐሰት ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። የትኞቹ ስምንት እንደሆኑ ማንም አያውቅም፤ ዝርዝሩን የሚረከብ ሰው ግን ምን ያህል ኪሳራ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቃል።

በአንጎል ምስል ጥናት የደረሰው ትምህርት ደግሞ ቀልድ አዘል ነበር። ክሬይግ ቤኔትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 የሞተ የሳልመን ዓሣ በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የሰዎችን ፎቶግራፍ «አሳዩት»። ከ8,064 ጥቃቅን የምስል ነጥቦች 16ቱ ለፎቶግራፎቹ ምላሽ የሰጡ መሰሉ፤ የተጠቀሙት ወሰን በዘርፉ የተለመደው 0.001 ነበር። ከላይ ያየነውን ስሌት ብንሠራ፣ በአጋጣሚ የሚጠበቁት ስምንት ነጥቦች ለ16 ሲካፈሉ 50 በመቶ ይሰጣሉ። በሐሰት ግኝት ምጣኔ ሲፈተሽ አንድም ነጥብ አላለፈም። ዓሣው ሞቶ ነበርና ትክክለኛው መልስ ይህ ነበር።

ዋስትናው የሚላላበት ቦታ

የ1995ቱ ማረጋገጫ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ነጻ እንደሆኑ ያስባል። የልብ ሕመሙ ሠንጠረዥ ግን ነጻ አይደለም፤ ደም የፈሰሳቸውና የሞቱት የሚቆጠሩት ከእነዚያው 421 ሰዎች ውስጥ ነው። ቢንያሚኒና ዳንኤል የኩቲኤሊ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሥራ ደንቡ የተወሰነ ዓይነት አዎንታዊ ትስስር ሲኖርም እንደሚጸና አረጋገጡ። ለማንኛውም ዓይነት ትስስር የሚሆን ጥብቅ መልክም አቀረቡ፦ የተፈቀደው 5 በመቶ፣ አንድ ሲደመር ግማሽ ሲደመር ሲሶ እያለ እስከ ጥያቄዎቹ ብዛት ለሚሄደው ድምር ይካፈላል። ለ15 ጥያቄዎች ድምሩ 3.32 ነው፤ ለ10,000 ጥያቄዎች 9.8 ገደማ ይሆናል።

ይህን ጥብቅ መልክ በሠንጠረዡ ላይ ብንሞክረው የተፈቀደው ድርሻ ከ5 ወደ 1.5 በመቶ ይወርዳል። ሦስተኛው ንጽጽር 0.95 በመቶ ስለሚያወጣ ያልፋል፤ የሞቱ ንጽጽር ግን በ3.6 በመቶ እንደገና ይወድቃል። ስለዚህ ስለ ሞት የሚሰጠው ፍርድ በጥያቄዎቹ መካከል ስላለው ትስስር በሚታሰበው ነገር ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ዘገባ «በሐሰት ግኝት ምጣኔ አስተካክለናል» ብሎ የትኛውን መልክ እንደተጠቀመ ካላስታወቀ፣ አንባቢው ዋናውን ነገር አልተነገረውም።

ሁለተኛው ገደብ በአማካይና በነጠላ መካከል ያለው ልዩነት ነው። 5 በመቶ የዝርዝሩ ጠባይ እንጂ የእያንዳንዱ ግኝት አይደለም። በዝርዝሩ አናት ላይ ያለው በእጅጉ የተረጋገጠ ሊሆን ሲችል፣ ወሰኑን በመከራ ያለፈው ሐሰት የመሆን ዕድሉ ከ5 በመቶ ብዙ ሊርቅ ይችላል። ብራድሊ ኤፍሮን ለነጠላ ግኝት የሚሆን የተለየ መለኪያ ያበጀው ይህን ክፍተት አይቶ ነው። ከ160 ጂኖች መካከል ለጋዜጣዊ መግለጫ የሚመች አንዱን መርጦ «5 በመቶ ብቻ የስሕተት ዕድል አለው» ማለት ዋስትናውን ከማይሸፍነው ነገር ላይ ማንጠልጠል ነው።

ሦስተኛው ገደብ ለተንኮል በር ይከፍታል። አንድ ሰው የፒ ዋጋው 0.04 የሆነ አንድ አጠራጣሪ ውጤት አለው እንበል፤ ከዘጠኝ ሌሎች ተራ ጥያቄዎች ጋር ቢቀርብ አያልፍም። ነገር ግን ዘጠኙ ጥያቄዎች ማንም የማይጠራጠራቸው፣ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ቢሆኑ፣ ዝርዝሩ አሥር ግኝቶች ይኖሩታል። በአጋጣሚ የሚጠበቀው 10 ጊዜ 0.04 ወይም 0.4 ነው፤ ለአሥር ሲካፈል 4 በመቶ። አጠራጣሪው ውጤት በባልንጀሮቹ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ያልፋል። ይህን የሚለይበት መንገድ አንድ ነው፤ የጥያቄዎቹ ቤተሰብ ማን መረጠው፣ መቼስ መረጠው ብሎ መጠየቅ።

ከቤተ ሙከራ ወደ መንግሥት ጠረጴዛ

ደንቡ በጂን ጥናት ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የተማሪዎች የዕውቀት ምዘና ግዛቶችን ከግዛቶች ሲያነጻጽር ይህንኑ አሠራር ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጆን ቱኪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጽሑፍ፣ በግዛቶች የትምህርት ውጤት ላይ የቀድሞው ጥብቅ ሥርዓትና አዲሱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያሳዩትን ልዩነት መርምሯል። በጥብቁ ሥርዓት የሚነጻጸሩት ግዛቶች በበዙ ቁጥር ስለ አንዲት ግዛት የሚሰጠው ፍርድ ይለወጣል፤ ለትምህርት ባለሥልጣን ይህን ማስረዳት ከባድ ነው።

ማይክል አንደርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የቅድመ ትምህርት ፖሊሲ ክርክር ውስጥ ዘወትር የሚጠቀሱትን ሦስት ሙከራዎች፣ አቤሴዳሪያንን፣ ፔሪንና የቅድመ ሥልጠና ፕሮጀክትን፣ ለጥያቄዎቹ ብዛት አስተካክሎ መልሶ መረመራቸው። ልጃገረዶች ከፕሮግራሞቹ በአጭርም በረጅምም ጊዜ ከፍተኛ ጥቅም እንዳገኙ ጸና፤ ለወንዶች ግን ጉልህ የረጅም ጊዜ ጥቅም አልተገኘም። ውጤቶቹ በአንድ ድምዳሜ ተጠቅልለው ሲቀርቡ የማይታይ የነበረው ልዩነት በዚህ ታየ።

ዛሬ አንድ የልማት ድርጅት ወይም የጤና ሚኒስቴር የፕሮግራም ግምገማ ሲያወጣ በደርዘን የሚቆጠሩ ውጤቶችን በደርዘን በሚቆጠሩ ንዑስ ቡድኖች ላይ ይለካል። ዘገባው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ «ጉልህ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። በጠቅላላው ስንት ጥያቄ ተጠየቀ? ዝርዝሩ ከመረጃው በፊት ተቆረጠ ወይስ በኋላ? ማስተካከያው ስለ ትስስር ምን አሰበ? ፖሊሲው የሚመሠረትበት ግኝት በዝርዝሩ አናት ላይ ነው ወይስ ጠርዝ ላይ? የ1992ቱ የሞት ንጽጽር አንዴ ወድቆ፣ አንዴ አልፎ፣ መልሶ የወደቀው የሕሙማኑ ቁጥር ተለውጦ ሳይሆን፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠው መልስ ስለተለወጠ ነው።